ቀዩ ታካሚ ሲመጣ ወረፋው ምን ይሁን?

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሞ የሚገጥማቸው አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ይቀርባል፦ «አንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍሉን ወረፋ በኮምፒውተር ለመምራት ፈልጓል። ነርሷ እያንዳንዱን ታካሚ አይታ እንደ ሕመሙ ክብደት ከ1 እስከ 5 ደረጃ ትሰጣለች፤ 1 እጅግ አስቸኳይ ነው። ሐኪሙ በጠራ ቁጥር በጣም አስቸኳዩ ይግባ፤ ደረጃቸው እኩል ከሆነ ቀድሞ የመጣው ይቅደም። ተስማሚውን ዳታ ስትራክቸር ምረጥ፤ ምርጫህን በምክንያት አስደግፍ።»

ዳታ ስትራክቸር ማለት ፕሮግራሙ መረጃን የሚያስቀምጥበት አደረጃጀት ነው። አንዱ አደረጃጀት ሲያስገቡበት ቀላል፣ ሲያወጡበት ከባድ ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ በተቃራኒው። የፈተናው ጥያቄ ከእውነቱ ዓለም የራቀ አይደለም። በእንግሊዝ የተጀመረው የማንቸስተር የታካሚዎች መለያ ሥርዓት ታካሚዎችን በአምስት ቀለም ይከፍላል። ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ60፣ አረንጓዴ በ120፣ ሰማያዊ በ240 ደቂቃ ውስጥ ሐኪም እንዲያያቸው ይጠበቃል።

ብዙ ተማሪ «ፕራዮሪቲ ኪው፣ ምክንያቱም ፈጣን ነው» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ስሙን አልሳተም፤ ነጥቡ የሚቀነሰው «ፈጣን» በሚለው ቃል ላይ ነው። ምን ሲሠራ ነው የሚፈጥነው? ከየትኛው ጋር ሲወዳደር? ለዚህ መልስ የሚገኘው ጥያቄው ውስጥ ካሉት ግሦች ነው። እዚህ ሁለት ግሦች አሉ፦ ነርሷ ታስገባለች፣ ሐኪሙ ይጠራል። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ እየተፈራረቁ ይደጋገማሉ። በመካከላቸው ያለው ሕግ ደግሞ ደረጃ ይቀድማል፣ ከዚያ የመምጫ ሰዓት ይከተላል የሚል ነው።

በእነዚህ ግሦች ሲመዘኑ አንዳንዶቹ አማራጮች ወዲያው ይወድቃሉ። ተራው ወረፋ፣ ማለትም ኪው፣ ቀድሞ የመጣውን ብቻ ስለሚያውቅ ልቡ የቆመውን ሰው ጉንፋን ከያዘው ኋላ ያሰልፋል። ሁሉንም እንደመጡ በዝርዝር መመዝገብ ለነርሷ አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ሐኪሙ በጠራ ቁጥር ግን ዝርዝሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈተሻል። ዝርዝሩን ምንጊዜም በደረጃ ተደርድሮ እንዲቆይ ማድረግ ሸክሙን ወደ ነርሷ ያዞረዋል፦ ቀይ ታካሚ በመጣ ጊዜ ለእሱ ቦታ ለማስለቀቅ ከኋላው ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይገፋሉ።

ጄ. ደብሊው. ጄ. ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1964 ያስተዋወቀው ሂፕ የሚባለው አደረጃጀት ሁለቱን ያስታርቃል። እንደ ፎቅ ቤት ይታሰብ፤ ከላይ አንድ ታካሚ አለ፣ ከሥሩ ሁለት፣ ከእነሱ ሥር አራት፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ከላይ ያለው ከሥሩ ካሉት ከሁለቱ ያነሰ አስቸኳይ ሊሆን አይችልም። አዲስ ታካሚ ታችኛው ፎቅ ይገባና በላዩ ካለው ጋር ይወዳደራል፤ ከበለጠ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሐኪሙ ሲጠራ ከአናት ያለው ይወጣል፣ የመጨረሻው ታካሚ ወደ አናት ይወሰድና ቦታውን እስኪያገኝ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ሺህ ታካሚ ቢኖር ፎቆቹ 10 ናቸው፤ አንድ ሚሊዮን ቢኖር 20። ስለዚህ ማስገባትም ሆነ መጥራት የሚጠይቀው በጣት የሚቆጠር ልውውጥ ነው።

ይህን የጻፈ ተማሪ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ግን በጥያቄው መጨረሻ ላይ ያለችው «ቀድሞ የመጣው ይቅደም» የምትለው ሐረግ ወጥመድ ናት። አስቴር፣ በላይና ጫልቱ በዚህ ቅደም ተከተል መጡ እንበል፤ ሦስቱም ቢጫ ናቸው። በሂፑ ውስጥ አስቴር አናት ላይ፣ በላይና ጫልቱ ከሥሯ ይሆናሉ። አስቴር ስትጠራ የመጨረሻዋ ጫልቱ ወደ አናት ትወሰዳለች። ከበላይ ጋር ስትወዳደር ደረጃቸው እኩል ነውና ልውውጥ የለም። ቀጥላ የምትጠራው ጫልቱ ናት፤ ቀድሟት የመጣው በላይ ግን አሁንም ተቀምጧል። ሂፕ በባሕርዩ የእኩዮችን ተራ አይጠብቅም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከደረጃው ጎን የመምጫ ተራ ቁጥር አብሮ ይገባል። በፓይተን ቋንቋ እንዲህ ይጻፋል፦

```python
import heapq
heapq.heappush(w, (level, arrival, card))
level, arrival, card = heapq.heappop(w)
```

ማወዳደሪያው መጀመሪያ ደረጃን ያያል፤ እኩል ሲሆን ብቻ ወደ ተራ ቁጥሩ ይሻገራል። በላይ 2፣ ጫልቱ 3 ቁጥር ስለያዙ በላይ ይቀድማል።

ጥያቄውን ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው ደግሞ ከሂፕም የቀለለ መልስ ያገኛል። ደረጃዎቹ አምስት ብቻ ናቸው። ታዲያ አምስት ተራ ወረፋዎች ማዘጋጀት፣ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ፣ ለምን አይበቃም? ነርሷ ታካሚውን በቀለሙ ወረፋ ጭራ ላይ ታስገባለች፤ አንድ እርምጃ ነው። ሐኪሙ ሲጠራ ፕሮግራሙ ከቀይ ጀምሮ ባዶ ያልሆነውን የመጀመሪያ ወረፋ ይፈልጋል፤ ቢበዛ አምስት ጊዜ ያያል። ታካሚው መቶም ይሁን ሚሊዮን ይህ አይለወጥም። የእኩዮችም ተራ ያለ ተጨማሪ ቁጥር ይጠበቃል። ነርሷ በቀለም ፈንታ ከደም ግፊት፣ ከልብ ምትና ከትንፋሽ የተሰላ ብዙ እርከን ያለው ውጤት ብትሰጥ ግን ለእያንዳንዱ እርከን ወረፋ መክፈት አያዋጣም፤ ያኔ ሂፑ ይመለሳል።

አንዳንድ ፈታኞች ሦስተኛ ግሥ ይጨምራሉ፦ «እየጠበቀ ያለ ታካሚ ሕመሙ ቢብስ ደረጃው ይሻሻላል።» ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሚዛኑን ታዛባለች። ሂፕ አናቱን እንጂ መሐሉን አያውቅም፤ አንድን ሰው በካርድ ቁጥሩ ለማግኘት ሁሉንም ማገላበጥ ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ የካርድ ቁጥሩ ሲሰጠው መዝገቡን በቀጥታ የሚያመጣ ሃሽ ቴብል በጎን ይጨመራል። የታካሚው አሮጌ መዝገብ «ተሰርዟል» ተብሎ ምልክት ይደረግበትና አዲሱ በአዲሱ ደረጃ ይገባል፤ የተሰረዘው አናት ላይ ሲደርስ ሐኪሙ ጋ ሳይቀርብ ይጣላል። ያልተመለሰ ነገር ግን ይቀራል፦ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ የተሻገረው ሰው ከቀዮቹ መካከል ተራው የሚቆጠረው ከመጣበት ነው ወይስ ከተሻሻለበት ሰዓት? ጥያቄው ካልነገረው ተማሪው የራሱን ግምት በግልጽ መጻፍ አለበት።

በድንገተኛ ክፍል 40 ሰው ቢቀመጥ እርግጥ ያልተደረደረውን ዝርዝር ከጫፍ እስከ ጫፍ መፈተሽ ለኮምፒውተር ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ነው። ይህን የጻፈ ተማሪ ትክክል ነው፤ ፈታኙ የሚጠይቀው ግን ቁጥሩ ሲያድግ ማን እንደሚዘገይ ነው። ስለዚህ ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠው ምክንያት ከአራት ዓረፍተ ነገር ላይበልጥ ይችላል፦ «የሚደጋገሙት ሥራዎች ማስገባትና አስቸኳዩን መጥራት ናቸው። ደረጃዎቹ አምስት ብቻ ስለሆኑ አምስት ኪው መርጫለሁ፤ ሁለቱም ሥራዎች የታካሚው ብዛት አያዘገያቸውም፣ እኩዮችም በመጡበት ተራ ይወጣሉ። የተደረደረ አሬይ በማስገባት ጊዜ ሌሎችን ስለሚገፋ፣ ሂፕ ደግሞ የእኩዮችን ተራ ለመጠበቅ ተጨማሪ ቁጥር ስለሚፈልግ ትቻቸዋለሁ። ደረጃዎቹ ብዙ ቢሆኑ ሂፕን ከተራ ቁጥር ጋር እመርጥ ነበር።»