ጨው ብቻውን የማይሞላው ጉድለት፦ በግጦሽ ላይ የሚውሉ ከብቶችን የማዕድን እጥረት መለየትና ድብልቅ ማቅረብ

በግጦሽ ሣርና በሰብል ተረፈ ምርት የሚኖሩ ከብቶች ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ ለሰውነታቸው የሚያስፈልገውን ማዕድን ሳያገኙ ሊቀሩ ይችላሉ። በሀገራችን አርሶ አደሩና አርብቶ አደሩ ይህን ከጥንት ጀምሮ ስለሚያውቅ ለከብቱ አሞሌ ያልሳል፣ የቦሌ አፈር ገዝቶ ያቀርባል፣ ወይም ከብቱን ወደ ሆራ ይነዳል። በቦረና የኤል ሶድ ጨውም ለዚሁ አገልግሎት ሲወጣ ኖሯል። እነዚህ ሁሉ የሚሰጡት በዋናነት የጨው ማዕድን የሆነውን ሶዲየም ነው። በደረቀ ሣርና በጭድ ውስጥ ሌላው በብዛት የሚጎድለው ማዕድን ግን ፎስፎረስ ሲሆን፣ ይህ በጨውም ሆነ በቦሌ አይሞላም። ጨው ዘወትር የሚቀርብላት ላም አጥንት ስታኝክ የምትገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የጨው እጥረት ምልክቶች

ጨው የጎደለው ከብት ጨዋማ ነገር ይፈልጋል። የጎረቤቱን ላብ፣ የእረኛውን እጅና ልብስ፣ ግድግዳና የመሣሪያ እጀታ ይልሳል፤ የሌላውን ከብት ሽንት እስከ መጠጣትም ይደርሳል። ወተት በላብና በሽንት ላይ ተጨማሪ የጨው መውጫ በመሆኑ ምልክቱ ቀድሞ የሚታየው በምትታለብ ላም ላይ ነው። እጥረቱ ሲቆይ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ወተት ይጎድላል፣ ፀጉር ይሻክራል።

ይህን እጥረት ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። በቂ ንጹሕ ውኃ ባለበት ጨው በየቀኑ በጥቂቱ ይቀርባል። መላሱ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ከቆመ ጎድሎ የነበረው ጨው ነው።

የፎስፎረስ እጥረት ምልክቶች

ፎስፎረስ የጎደለው ከብት የሚፈልገው ጨዋማ ነገር ብቻ አይደለም፤ አጥንት፣ እንጨት፣ ጨርቅ፣ ላስቲክና አፈር ያኝካል። ከእነዚህ ይበልጥ የሚያመለክተው አጥንት ማኘክ ነው። ጊደሮች ዘግይተው ያድጋሉ፣ ላሞች ከወለዱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ድራት አያሳዩም፣ አካሄዳቸው ይደነድናል፣ የቆየ ሲሆንም አጥንታቸው በቀላሉ ይሰበራል።

አጥንት ማኘክ ራሱን የቻለ አደጋም አለው። በሞተ እንስሳ ቅሪት ላይ ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያስከትል መርዝ ሊኖር ይችላል። መርዙን የወሰደ ከብት እግሩ ይዝላል፣ ምላሱ ይንጠለጠላል፣ ለሃጩ ይፈስሳል፣ በመጨረሻም ይተኛል። በዕብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ከብትም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ እንዲህ ባለ ከብት አፍ ውስጥ እጅን ማስገባት ፈጽሞ አይገባም፤ ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ሌሎች ሊስተዋሉ የሚገባቸው ምልክቶች

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመዳብ እጥረት ይታወቃል። ምልክቱ በፀጉር ላይ ይነበባል፤ ጥቁሩ ወደ ቡናማ፣ ቀዩ ወደ ደበዘዘ ቢጫ ይለወጣል፤ በዓይን ዙሪያ ያለው ፀጉር ይነጣል፤ አንዳንዶቹም ያስቀምጣቸዋል። ጥጃ አንገቱ አብጦ ከተወለደ ደግሞ የአዮዲን እጥረት ይጠረጠራል።

ሆኖም ክሳትና የፀጉር መሻከር የማዕድን እጥረት ብቻ ምልክት አይደሉም። የሆድና የጉበት ትል፣ ገንዲና የመኖ ማነስም ያንኑ መልክ ይሰጣሉ። በተለይ በበጋ፣ ከብቱ በሚበላው ጭድ ውስጥ ኃይል ሰጪና ገንቢ ምግብ በእጅጉ ያንሳል። በዚህ ጊዜ ማዕድን ብቻ መስጠት ከብቱን አያወፍረውም። ማዕድን ሙሉ ጥቅሙን የሚሰጠው ሣር በለመለመበት ወቅት፣ ወይም በበጋ እንደ ፉርሽካና ፋጉሎ ካለ ተጨማሪ መኖ ጋር ሲቀርብ ነው። ስለዚህ ከብቱ ከትል መጽዳቱን ማረጋገጥ ይቀድማል።

ድብልቁን ማዘጋጀት

ለፎስፎረስ ምንጭነት ዳይካልሲየም ፎስፌት ከመኖ አቅራቢዎች ሊገዛ ይችላል። በማይገኝበት አካባቢ የተቃጠለ የአጥንት አመድ ይተካዋል። ጥሬ ወይም በፀሐይ ብቻ የደረቀ አጥንት ግን መስጠት አይገባም፤ የአባሰንጋን ተዋህስያን ሊይዝ ስለሚችል ለከብቱም ለሰውም አደገኛ ነው። በዚሁ ምክንያት አጥንቱ ከቄራ ወይም ጤነኛ ሆኖ ከታረደ እንስሳ የተገኘ ብቻ መሆን አለበት። በድንገት የሞተ ወይም የሞተበት ምክንያት ያልታወቀ እንስሳ አጥንት መነካትም የለበትም።

አጥንቱ በኃይለኛ እሳት እስኪነጣ ድረስ ይቃጠላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ሲሰበር ውስጡ ጥቁር ከሆነ ገና አልነደደም፤ እንደገና ወደ እሳቱ ይመለሳል። በሚገባ የተቃጠለው ነጭ ሆኖ በቀላሉ ይፈርሳል። ይህ ይወቀጥና በወንፊት ይነፋል።

ከዚያም የአጥንት አመድና አዮዲን ያለው ደቃቅ ጨው በእኩል ክብደት ይደባለቃሉ። በድብልቁ ውስጥ ጨው የሚገባው ስለሚያስፈልግ ብቻ አይደለም። ከብት ጣዕም የሌለውን አመድ በራሱ ፈቃድ አይልስም፤ ወደ ገንዳው የሚስበው ጨው ነው። ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ከብቱ በሆራ፣ በቦሌ ወይም በጨዋማ የጉድጓድ ውኃ የጨው ፍላጎቱን ካረካ ድብልቁን ችላ ይለዋል። እንዲህ ባለ አካባቢ አመዱን ከፉርሽካ ጋር አደባልቆ ማቅረብ ይሻላል።

በአንድ ቤተሰብ ከብቶች ላይ ሲሰላ

አንድ የደጋ አርሶ አደር አንዲት የምትታለብ ላም፣ ሁለት በሬዎችና አንዲት ጊደር አሉት እንበል። ከብቶቹ በበጋ የጤፍ ጭድና የደረቀ ሣር ይመገባሉ፤ በየሳምንቱ ቦሌ ይቀርብላቸዋል። ላሚቱ 250 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች፤ በቀን 3 ሊትር ትታለባለች። ከወለደች ወራት ቢቆጠሩም ድራት አላሳየችም፤ አጥንትም ታኝካለች።

ላሚቱ በቀን 6 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች። በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ጭድ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ 1 ግራም ቢሆን ነው፤ ስለዚህ የምታገኘው ከ6 ግራም አይበልጥም። ሰውነቷን ለመጠበቅ 10 ግራም ገደማ ያስፈልጋታል፤ ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት ደግሞ 1.5 ግራም ያህል ይጨመራል። በድምሩ ወደ 15 ግራም ይጠጋል፤ የሚጎድላትም 9 ግራም ያህል ነው። ቦሌው ከዚህ የሚሞላው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በ1 ኪሎ ግራም የስንዴ ፉርሽካ ውስጥ ወደ 10 ግራም የሚጠጋ ፎስፎረስ አለ። ስለዚህ ላሚቱ በቀን 1 ኪሎ ግራም ፉርሽካ ብታገኝ ዋናው ጉድለት ይዘጋል። ይሁን እንጂ ፉርሽካ ለወተት የሚያስፈልገው ካልሲየም ያንሰዋል፤ ይህን የሚያሟላው የአጥንት አመዱ ነው። በመሆኑም ከፉርሽካው በተጨማሪ 50 ግራም ድብልቅ ይሰጣታል። ይህ 25 ግራም ጨውና 25 ግራም አመድ ማለት ነው፤ አመዱም 4 ግራም ያህል ፎስፎረስ ይይዛል። ወተት የማይሰጡት በሬዎች የሚጎድላቸው በዚሁ መጠን ስለሆነ ለእያንዳንዳቸው 50 ግራም ድብልቅ ብቻ ይበቃል። ለጊደሯ 40 ግራም ይሰጣል። የአራቱ ድምር በቀን 190 ግራም፣ በወር ደግሞ 6 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል፤ ማለትም 3 ኪሎ ግራም ጨውና 3 ኪሎ ግራም አመድ። ቦሌው ድብልቁን እንዳያስቀር በዚህ ጊዜ ይቆማል።

አቀራረብና ጥንቃቄ

ድብልቁ ዝናብ በማያገኘው መጠለያ ሥር በእንጨት ገንዳ ይቀርባል። ጉልበተኛው ከብት ደካማውን ስለሚያባርር ለብዙ ከብቶች ከአንድ በላይ ገንዳ ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ጨው ያላገኘ ከብት በአንድ ጊዜ ብዙ ከላሰ ይመረዛል፤ ያስቀምጠዋል፣ ይንገዳገዳል፣ ዓይኑም ማየት ሊሳነው ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ተመጥኖ በጥቂቱ ይሰጣል። ውኃ በሌለበት ቀን ጨው አይቀርብም።

ተገዝቶ የሚቀርብ የሚላስ ጡብም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፤ ነገር ግን አንዳንዱ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ከብቱ በቂ መጠን አይልስም። ይህን ለማወቅ ጡቡን መመዘን ይበቃል። ለአራት ከብት የተሰቀለ ጡብ በወር 1 ኪሎ ግራም ብቻ ከቀነሰ፣ እያንዳንዱ ከብት በቀን የወሰደው 8 ግራም ያህል ነው፤ ይህም አነስተኛ ነው። ከመግዛት በፊትም በማሸጊያው ላይ ፎስፎረስ መኖሩ ይረጋገጥ፤ አንዳንዱ ጡብ ጨው ብቻ ነውና። መዳብ ያለበት የከብት ድብልቅ ለበግ መርዝ ስለሚሆን በጎች ከሚደርሱበት ቦታ ይራቅ። ዩሪያ የተቀላቀለበት ጡብ ደግሞ ለጥጃ፣ ለአህያና ለፈረስ አይሰጥም።

ለውጡ መቼ ይታያል

ጨው የመላስ ጉጉት በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። አጥንት ማኘክ ለመቆም ሳምንታት ይወስዳል። ላሚቱ ወደ ድራት እስክትመለስ ሁለትና ሦስት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል። በመዳብ እጥረት የደበዘዘ ፀጉርም አዲስ ፀጉር እስኪያበቅል ድረስ መልኩን አይለውጥም።

ድብልቁ በትክክል ተወስዶ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ለውጥ ካልታየ፣ ወይም የመዳብና የአዮዲን እጥረት ምልክት ከታየ፣ ጉዳዩ በቀበሌው ለሚገኝ የእንስሳት ሀብት ባለሙያ ወይም ለእንስሳት ጤና ኬላ ይቀርባል። ባለሙያው ደም ወይም የመኖ ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ እንዲልክና ሌላ በሽታ መኖር አለመኖሩን እንዲለይ፣ ከብቱ የሚመገበው፣ ውኃ የሚጠጣበት ቦታ፣ የመጨረሻው የትል መድኃኒት የተሰጠበት ቀን፣ እንዲሁም የተሰጠው ድብልቅ መጠን ተመዝግቦ ቢቀርብ ሥራውን ያቀልለታል።