ከቤት የማይወጣው ዘጠኝ መቶ ብር

የወር መጨረሻ ሲደርስ ሂሳብ ክፍል ውስጥ የሚዘረጋውን የደመወዝ መክፈያ፣ ሁላችንም ፔይሮል የምንለውን ሰንጠረዥ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እናንብበው። መጀመሪያ የሠራተኛው ስም፣ ቀጥሎ ደመወዙ፣ ከዚያ ተቀናሾቹ፣ በመጨረሻ እጁ የሚገባው የተጣራ ክፍያ ይመጣል። ከተቀናሾቹ የሥራ ግብሩ የገቢዎች ነው። ጡረታው የጡረታ አስተዳደሩ ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበር መዋጮ ካለም የማኅበሩ ነው። ድርጅቱ እነዚህን ከሠራተኛው ላይ ያነሳል እንጂ የሱ አይደሉም፤ በአደራ ይዞ ለባለቤታቸው ያስረክባል።

ከነዚህ መሀል ተቀምጦ ከነዚህ ያልሆነ አንድ ዓምድ አለ። ራስጌው ላይ «ብድር» ይላል። ድርጅቱ ከራሱ ካዝና ያለወለድ ያበደረውን ገንዘብ በየወሩ መልሶ የሚሰበስብበት ነው። እዚያ የተቀነሰው ብር ወደ የትም አይሄድም፤ ለማስረከብ የሚሰለፉበት መስኮትም የለም። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሠሩ የሂሳብ ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህ ዓምድ ጎረቤቶቹን ስለሚመስል ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የወር ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ የአንድ አከፋፋይ ድርጅት ሹፌር፣ ነሐሴ 2017 ላይ ለልጆቹ ምዝገባና ዩኒፎርም 10,800 ብር ጠየቀ እንበል። ሥራ አስኪያጁ ፈቀደ፤ በየወሩ 900 ብር፣ በ12 ወር እንዲያልቅ ተስማሙ። ተቀናሹ ከመስከረም 2018 ይጀምርና ነሐሴ ላይ ያበቃል። ጳጉሜን የራሷ ደመወዝ ስለሌላት የራሷ ተቀናሽም የላትም። ይህን የሚዘነጋ የለም ትሉ ይሆናል፤ በፈረንጅ ወር አቆጣጠር በሚሠራ ሶፍትዌር መርሐ ግብር ያወጣ ሰው ግን ሁለቱን አቆጣጠር ሲያጋጭ አይቻለሁ።

ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት አንድ ወረቀት ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 አሠሪ ከደመወዝ እንዲሁ እንዳይቀንስ ይከለክላል። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት የግድ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ድምርም ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ግብርና ጡረታ በዚህ ሲሶ ውስጥ ይቆጠሩ አይቆጠሩ ብለው የሚከራከሩ አሉ። የሹፌራችን ነገር ክርክር አያስነሳም። ግብሩ 1,400፣ የጡረታ ድርሻው 630፣ ብድሩ 900 ነው፤ ሦስቱ ተደምረው 2,930 ሲሆኑ የደመወዙ ሲሶ 3,000 ነው። 900 ብር የተመረጠውም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ። ብድሩ በተሰጠበት ቀን «የሠራተኛ ብድር ተሰብሳቢ» የሚባለው ሂሳብ 10,800 ብር ዴቢት ይደረጋል፤ ባንክ ያንኑ ያህል ክሬዲት ይደረጋል። በቃ። ወጪ የሚባል ነገር የለም። ድርጅቱ ባንክ የነበረውን ሀብት ሹፌሩ ላይ ወዳለ ሀብት ለወጠው እንጂ አልተቀነሰበትም። ገንዘቡ ሲወጣ ያየ ሰው ግን እጁ ወደ «ደመወዝ ወጪ» ወይም «ልዩ ልዩ ወጪ» ይሳባል። ያን ካደረገ መስከረም ላይ ተቀናሹን የሚያሳርፍበት ቦታ ያጣል፤ መጀመሪያ ያልተከፈተ ተሰብሳቢ ምኑ ይቀነሳል?

የመስከረም ደመወዝ ሲዘጋ ምዝገባው እንዲህ ነው። የደመወዝ ወጪ በሙሉው፣ ማለትም በ9,000 ብር፣ ዴቢት ይደረጋል። በክሬዲት በኩል የሥራ ግብር ተከፋይ 1,400፣ ጡረታ ተከፋይ 630፣ የሠራተኛ ብድር ተሰብሳቢ 900፣ ባንክ 6,070 ይሆናሉ። አራቱ ሲደመሩ 9,000 ይመጣሉ። አሠሪው በራሱ የሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታ፣ 990 ብር፣ ለብቻው በወጪ ዴቢት፣ በጡረታ ተከፋይ ክሬዲት ይደረጋል። ከክሬዲቶቹ ሁለቱ «ተከፋይ» ናቸው፤ ብድሩ ግን ሊከፈል የሚጠብቅ ዕዳ አይደለም፤ ነሐሴ ላይ የተከፈተውን ተሰብሳቢ የሚሸረሽር ነው።

ይህን በገንዘብ ፍሰት መፈተን ይቻላል። የሹፌሩ የወር ዋጋ ለድርጅቱ 9,990 ብር ነው፤ ደመወዙና የአሠሪው ጡረታ። ወሩ ተዘግቶ ሁሉም ሲከፈል ከባንክ የሚወጣው 6,070 ለሹፌሩ፣ 1,400 ለገቢዎች፣ 1,620 ለጡረታ ነው፤ ድምሩ 9,090። የጎደለችው 900 ብር የትም አልሄደችም፤ ከቤት አልወጣችም። ሂሳብ የሚጀምሩ ልጆችን ሳስተምር መጀመሪያ የማሠራቸው ይህችን ቅነሳ ነው፤ ከገባቻቸው ዴቢትና ክሬዲቱን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ግብሩ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ስህተቱ ከመዝገብ አልፎ መንግሥት ዘንድ የሚደርሰው እዚህ ነውና። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የግብር ሰንጠረዥ ከ7,001 እስከ 10,000 ብር ያለ ደመወዝ በ25 በመቶ ተባዝቶ 850 ብር ይቀነስለታል፤ ለ9,000 ብር 1,400 የመጣው በዚህ ነው። የሚሰላው ከሙሉ ደመወዙ ነው። ሹፌሩ ዕዳውን መክፈሉ ገቢውን አያሳንስም፤ ለሰፈር ባለሱቅ ቢከፍል እንደማያሳንሰው ሁሉ። ሰንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው ግን የብድሩን ዓምድ ከግብሩ በፊት አስቀምጦ ከ8,100 ብር ላይ ካሰላ ግብሩ 1,175 ይሆናል። በወር 225፣ በዓመት 2,700 ብር ጎደለ ማለት ነው። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው ደግሞ ግብሩን ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ ያለበት አሠሪው ነው።

ከስህተቶቹ በጣም የተለመደው ብድሩን ከተከፋዮቹ ጋር መደርደር ነው። የፔይሮል ሶፍትዌሮች አዲስ ተቀናሽ ሲከፈት የዕዳ ሂሳብ ይጠብቃሉ፤ ብዙዎቹ ተቀናሾች የሌላ ሰው ገንዘብ ስለሆኑ ልክ ናቸው። ለብድሩ ግን ሂሳቡን በእጅ ወደ ተሰብሳቢው መቀየር ያስፈልጋል። ካልተቀየረ ሰኔ 30 ቀን 2018፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ መዝገቡ ላይ ሁለት ነገር ተፋጦ ይገኛል። በአንድ በኩል ንቅንቅ ያላለ የ10,800 ብር ተሰብሳቢ፣ በሌላ በኩል ከፋይ እንጂ ተቀባይ የሌለው የ9,000 ብር ተከፋይ። ትራያል ባላንሱ እኩል ስለሚመጣ ማንም አይደነግጥም። ትክክለኛው ቁጥር 1,800 ብር ተሰብሳቢ ብቻ ነበር፤ የሐምሌና የነሐሴ ቀሪ።

ሁለተኛውን ስህተት የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ጀማሪ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት። ተቀናሹ ገንዘብ ስላስቀረልን «ሌላ ገቢ» ላይ አስገባሁት። ሰባት ወር ሙሉ ማንም አላየውም። በሹፌራችን ብድር ብናሰላው 10,800 ብር የሌለ ገቢ ተፈጥሮ፣ ድርጅቱ በትርፍ ግብር 30 በመቶ ቢከፍልበት 3,240 ብር በከንቱ ይሄዳል። የራሱን ገንዘብ መልሶ ስለተቀበለ ግብር የሚከፍል ነጋዴ የለም፤ እኔ ግን አለቃዬን ላስከፍለው ነበር።

ይህ ሁሉ እንዳይሆን በየወሩ የሚደረገው ማጣሪያ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ለእያንዳንዱ ተበዳሪ የተሰጠው፣ የተቀነሰውና ቀሪው የሚጻፍበት አንድ ካርድ ይያዛል፤ ኤክሴል ላይ ቢሆንም ግድ የለም። የካርዶቹ ቀሪ ድምር ከሌጀሩ የሠራተኛ ብድር ሂሳብ ጋር እኩል መሆን አለበት። ልዩነቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ልክ 900 ከሆነ አንድ ወር ተዘሏል ወይም ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። 1,800 ከሆነ አንዱ ወር ክሬዲት መሆን ሲገባው ዴቢት ተደርጎ ይሆናል፤ ተገልብጦ የገባ ቁጥር ልዩነቱን እጥፍ ያደርገዋልና።

ፔይሮሉን በኤክሴል የሚሠራ ሰው 900ን በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ከቀሪው ጋር ቢያስተሳስረው ይሻላል። ከወሩ በፊት ያለው ቀሪ ዕዳ F5 ላይ ከተጻፈ፣ የወሩ ተቀናሽ ይህ ነው፦

```
=MIN(900, F5)
```

ቀሪው ከ900 ሲያንስ የቀረውን ብቻ ይቀንሳል፤ ዜሮ ሲደርስ ያቆማል። ዕዳው ካለቀ በኋላ ሁለትና ሦስት ወር የተቀነሰበት ሠራተኛ ሂሳብ ክፍል በር ላይ ሲቆም ማየት ደስ አይልም። ሹፌሩ «የመስቀል ወር ይዝለልልኝ» ቢልና ቢፈቀድለትም ቀመሩ አይጠፋውም፤ የዚያን ወር ተቀናሽ ዜሮ አድርጎ መጻፍ ብቻ ነው፤ ቀሪው ሳይነካ ይሻገራል፣ ማለቂያውም በወር ይገፋል።

ወለድ የለውም ማለት የወለድ ጉዳይ አይነሳም ማለት አይደለም። ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ የሚከተል ድርጅት ብድሩን በዛሬ ዋጋው መመዝገብ ይጠበቅበታል። የገበያው ወለድ በዓመት 15 በመቶ ነው ብንል፣ በየወሩ የሚመለሱት አሥራ ሁለት 900 ብሮች ነሐሴ ላይ የሚያወጡት ወደ 9,970 ብር ነው። የቀረው 830 ብር ገደማ ለሠራተኛው የተሰጠ ጥቅም ተብሎ በወጪ ይያዛል፤ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ቀስ በቀስ እንደ ወለድ ገቢ ይመለሳል። ለአንድ ሹፌር የአንድ ዓመት ብድር ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው፤ ልዩነቱ ለሪፖርቱ ከቁብ የሚገባ ስላልሆነ ይታለፋል። ለመቶ ሠራተኛ የአምስት ዓመት የቤት ብድር የሚሰጥ ድርጅት ግን ማለፍ አይችልም። በግብር በኩልም ደንብ ቁጥር 410/2009 ወለድ የተቀነሰለትን ብድር በዓይነት ከሚሰጡ ጥቅሞች ስለሚቆጥረው፣ ከፍ ያለ ብድር ከመፈቀዱ በፊት አንቀጹን ማንበብ ይበጃል። እኛ እዚህ ያሰላነው የደመወዙን ግብር ብቻ ነው።

ከባዱ ወር ሠራተኛው ሲለቅ ነው። ሹፌሩ የካቲት መጨረሻ ላይ መልቀቂያ አስገባ እንበል። ስድስት ወር ተቀንሶበት 5,400 ከፍሏል፤ 5,400 ቀርቷል። የብድር ውሉ ላይ «ሥራ ሲቋረጥ ቀሪው ከመጨረሻ ክፍያዬ ይቀነስ» የሚል የፈረመበት መስመር ካለ፣ ከመጨረሻ ሂሳቡ፣ ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ ክፍያ ካለም ከሱ ጭምር፣ ሕጉ በፈቀደው መጠን ይያዛል፤ ተሰብሳቢው በተያዘው ልክ ክሬዲት ይደረጋል። ካልበቃ ቀሪው ከሠራተኛ ብድር ወጥቶ «ሌሎች ተሰብሳቢዎች» ውስጥ በስሙ ይቀመጣል፤ ከእንግዲህ የሚቀነስበት ፔይሮል የለምና። ሥራ አስኪያጁ «ተዉለት» ካለ ደግሞ የተሰረዘው ዕዳ ለድርጅቱ ወጪ፣ ለሹፌሩ ግብር የሚታሰብበት ጥቅም ይሆናል። ለዚህም ቢሆን የተፈረመ ደብዳቤ ከቫውቸሩ ጋር መያያዝ አለበት። የሥራ አስኪያጁ ቃል ብቻውን ቫውቸር ላይ አይሰፋም።