የ180 ብር ልዩነት

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ስልኮች ማክሰኞ ማለት ከጀመሩ አንድ ሰዓት ሆኗቸዋል፤ በሆቴሉ ሲስተም ግን ገና ሰኞ ነው። ሰኞን የሚዘጋው ናይት ኦዲተሩ እንጂ ሰዓቱ አይደለም። እሱ እስኪዘጋ ድረስ ከኤርፖርት የሚደርስ እንግዳ ሁሉ ሰኞ እንደገባ ይመዘገባል።

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ካሸሮቹ ትተውት የሄዱትን የሬስቶራንት፣ የባርና የላውንደሪ ቢል በሲስተሙ ከተመዘገበው ጋር ማመሳከር ነው። ጭንቁ የሚመጣው ድምሩ አልገጥም ሲል ነው።

የአንዱን ሌሊት ሂሳብ እንይ። የፖስ ማሽኑ የቀኑን የካርድ ክፍያ 48,530 ብር ይላል፣ ሲስተሙ ደግሞ 48,350። ልዩነቱ 180 ብር ነው። በሥራው የቆየ ሰው ቁልል ደረሰኝ ከማገላበጡ በፊት 180ን ለ9 ያካፍላል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ካሸሩ ሁለት አሃዝ አቀያይሮ ጽፎ ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል፤ ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላልና። ፈልጎም ያገኘዋል፦ 2,530 የሚለው ደረሰኝ 2,350 ተብሎ ገብቷል። ጥርጣሬው ግን ጥርጣሬ ብቻ ነው። ሳይመዘገብ የቀረ የ180 ብር ቢልም ያንኑ ልዩነት ያመጣል።

ከዚህ የከፋው ድምሩ ልክ ሆኖ ሳለ የተሳሳተው ሂሳብ ነው። የ402 እንግዳ 1,000 ብር እራት በልቶ "ክፍሌ ላይ ይያዝ" ብሎ ፈርሟል እንበል። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 1,100፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 1,265 ብር ይሆናል። አስተናጋጁ 402ን 204 ብሎ ካስገባው የሬስቶራንቱ ሽያጭም የእንግዶች ጠቅላላ ዕዳም ሳንቲም ሳይዛነፍ ይገጥማል። ስህተቱን የሚያወጣው ፊርማ ያለበትን ቢል አንድ በአንድ ከየክፍሉ ሂሳብ ጋር ማየት ብቻ ነው። ሲደክም መጀመሪያ የሚዘለለውም ይኸው ነው።

ቀጥሎ የክፍሎቹ ዋጋ ይታያል፤ 4,500 መሆን የነበረበት 450 ተብሎ እንደሆነ ያኔ ይያዛል። ከዚያ ሲስተሙ የሌሊቱን የክፍል ኪራይ በእያንዳንዱ እንግዳ ሂሳብ ላይ ይጭናል፣ ሪፖርቱ ይታተማል፣ ቀኑ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ የሰኞን ስህተት ሰኞ ላይ ገብቶ ማረም የለም፤ ማስተካከያው ምክንያቱ ተጽፎበት በማክሰኞ ሂሳብ ይገባል።

10 ሰዓት ላይ ሲስተሙ ማክሰኞ ይላል። በ11 ሰዓት የ402 እንግዳ ሻንጣውን እየጎተተ ሂሳቡን ሊጠይቅ ይወርዳል።