በሁለት ቋንቋ የተነሣ ጽዋ

ሙሽራው ኢትዮጵያዊ፥ ሙሽራዪቱ የሮማ ልጅ፤ ሠርጉም በሮማ ነበር። ሚዜው ወዳጄ ጽዋ አንሥቶ በሁለቱም ቋንቋ እንዲናገር ታዘዘና ንግግሩን በአማርኛ ጽፎ ቃል በቃል ወደ ኢጣልያንኛ ገለበጠው። በሠርጉ ዋዜማ ማታ አሳየኝ።

ጣጣው «ውለዱ፥ ክበዱ» ከሚለው ላይ መጣ። እኛ ክበዱ ስንል ተከበሩ ማለታችን ነው፤ ኢጣልያኖች ግን ሰውን «ፔዛንቴ»፥ ከባድ ካሉት አሰልቺ ነው ማለታቸው ነው። እንግዲህ ሙሽሮቹን በአደባባይ «አሰልቺ ሁኑ» ሊላቸው ኖሯል! የእነርሱም የቆየ ምርቃት ሲገለበጥ አያምርም። «አውጉሪ ኤ ፊሊ ማስኪ» ይላሉ፤ መልካም ምኞትና ወንዶች ልጆች ማለት ነው። የሙሽራው እናት ይህን በአማርኛ ቢሰሙ «ሴት ልጅ ምን አደረገች?» ማለታቸው አይቀርም።

ስለዚህ ትርጉሙን ትተን ለየወገኑ የራሱን ምርቃት ሰጠን። ርዝመቱንም ቆረጥነው፤ ያልገባው ወገን ብርጭቆ ይዞ ሲጠብቅ ክንዱ ይዝላልና። በማግስቱ የተነገረው ይህ ነው፦

«ካሪ አሚቺ፣ ኦጂ ዱዌ ፋሚልዬ ዲቬንታኖ ኡና።»
«ወዳጆቼ፣ ዛሬ ሁለት ቤት አንድ ሆነ።»
«አሊ ስፖዚ አውጉሮ ታንታ ፌሊቺታ።»
«ውለዱ፥ ክበዱ፤ ጋብቻችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ።»
«ኤቪቫ ሊ ስፖዚ!»

ሦስተኛው መሥመር ለሙሽሮቹ ብዙ ደስታ መመኘት ነው፤ የመጨረሻው «ሙሽሮቹ ለዘላለም ይኑሩ» እንደ ማለት ነው። ከምርቃቱ በኋላ የእኛ ሰዎች «አሜን» ሲሉ፣ ቃሉን ኢጣልያኖቹም ያውቁታልና አብረው «አሜን» አሉ። እናትዬውም እልልታውን ለቀቁት።