መሳቢያው ያበጠው ወዴት ነው?

ነሐሴ አጋማሽ ላይ እማዬ ደወለችልኝ። የቤቱ ካርታ የተቀመጠበት የኮመዲኖዋ መካከለኛ መሳቢያ አልከፈት ብሏል። እኔ ስደርስ ታናሽ ወንድሜ ቀድሞኝ ሞክሮ ነበር። የግራውን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ፣ እግሩን ከኮመዲኖው ጋር አስደግፎ ስቦታል። እጀታው ከነብሎኑ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀርቷል፤ የመሳቢያው የፊት ሳንቃም በግራ በኩል ከጎኑ ሳንቃ ፀጉር የምታህል ክፍተት ፈጥሯል። መሳቢያው ግን ንቅንቅ አላለም።

የተጣበቀ መሳቢያ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ዓይነቱ መሳብ ነው። እጀታ የተሠራው ባዶውን መሳቢያ እንዲያንሸራትት እንጂ የተነከሰ እንጨት እንዲያላቅቅ አይደለም። ጉልበት ሲበዛበት መጀመሪያ የሚሸነፈው የፊት ሳንቃው ከጎኖቹ ጋር የተያያዘበት ማዕዘን ነው። እሱ ከተላቀቀ በኋላ መሳቢያው ቢወጣም ሥራው እጥፍ ይሆናል።

የሰፈራችንን ሽማግሌ አናጺ ጠራኋቸው። ገብተው እጀታውን አልነኩም። ጠረጴዛው ላይ ከነበረ አሮጌ የግድግዳ ካሌንደር ጠንካራውን ወረቀት ቀደው፣ በፊት ሳንቃው ዙሪያ ባለው ክፍተት ማሾለክ ጀመሩ። በቀኝ በኩል ገባ። በግራም ገባ። ከታችም እየተጨናነቀ ገባ። ከላይ ግን ከዳር እስከ ዳር አልገባም አለ።

«ወደ ላይ ነው ያበጠው» አሉ፤ ከዚያ የጎኑን ክፍተት እያዩ፣ «ይሄን ደግሞ ማን ላገው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ካቻምና ክረምት እንዲሁ ሲያስቸግር አንድ ሰው አምጥተን ጎንና ጎኑን ላገልን፣ ጋሼ።»

«ጎኑ ምን አደረገው?» አሉ።

ይህ ጥያቄ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። እንጨት ከተቆረጠና ከደረቀ በኋላም ቢሆን ከአየሩ ጋር እርጥበት መለዋወጡን አያቆምም። አየሩ ሲርስ ይጠጣል፣ ያብጣል፤ አየሩ ሲደርቅ ይሰጣል፣ ይኮማተራል። የሚያብጠው ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ዛፉ ወደ ላይ ባደገበት አቅጣጫ፣ ማለትም ጭረቱ በሚሄድበት በኩል፣ ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከጭረቱ አቋርጦ ባለው ወርዱ ግን በግልጽ ይሰፋል።

አሁን መሳቢያውን እንይ። የጎን ሳንቃዎቹ ጭረት ከፊት ወደ ኋላ፣ የፊት ሳንቃው ጭረት ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስለዚህ ሦስቱም በርዝመታቸው ብዙም አይለወጡም፤ የሚያድጉት በቁመታቸው ነው። የእማዬ መሳቢያ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ የጎኖቹ ቁመት 18 ሳንቲ ሜትር ነው። በበጋ ከክብደቱ 9 በመቶ ያህል ውኃ ይዞ የነበረ እንጨት በክረምት ወደ 13 በመቶ ቢደርስ፣ 18 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጎን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። 80 ሳንቲ ሜትር የሆነው የፊት ሳንቃ በርዝመቱ የሚጨምረው ግን የሁለት ወረቀት ውፍረት ያህል ቢሆን ነው። በበጋ ተሠርቶ ከላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ክፍተት የተተወለት መሳቢያ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጣሪያውን ቢነካ አያስገርምም። ካቻምና ሰውየው ጎኖቹን ሲልግ ያላበጠውን ነው የቀነሰው።

ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። ጎን ለጎን ክፍተት የበዛበት መሳቢያ በአንድ እጀታ ሲሳብ ይጣመማል፤ የፊት ማዕዘኑ አንዱን ግድግዳ፣ የኋላ ማዕዘኑ ሌላውን ይነክሳል። ከዚያ በኋላ በሳብነው ቁጥር ይበልጥ ይቆለፋል። በተለይ ወርዱ ከጥልቀቱ የሚበልጥ መሳቢያ ላይ ይህ ይበረታል፣ የእማዬም እንዲሁ ነው፤ ጥልቀቱ 42 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ የተጣመመ መሳቢያ መፍትሔው ወደ ውስጥ መልሶ ቀጥ ማድረግና ሁለቱን ዳር በእኩል መሳብ ነው።

የተጣበቀ ሁሉ ግን ያበጠ አይደለም። መሳቢያው ጥቂት ሳንቲ ሜትር በነፃነት ወጥቶ «ቋ» ብሎ የሚቆም ከሆነ፣ ውስጥ ያለ ዕቃ ቀና ብሎ ከላይ ያለውን አግዳሚ ይዟል ማለት ነው። በተከፈተው በኩል ቀጭን ማስመሪያ አስገብቶ ዕቃውን ወደ ታች መጫን፣ ወይም ኮመዲኖውን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ መነቅነቅ ይበቃል። በጎኖቹ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ኖሮ ብረት የሚታይ ከሆነ ደግሞ መሳቢያው የሚሄደው በብረት ሐዲድ ላይ ነው፤ እዚያ የሚያስቸግረው ዝገት፣ ቆሻሻ ወይም የተጣመመ የኩሽኔታ መያዣ ነው። ብዙዎቹ ሐዲዶች በጎናቸው ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አላቸው። መሳቢያው እስከ መጨረሻው ተስቦ አንዱ ምላስ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች በአንድ ጊዜ ሲጫን ይለቃል። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመስሏቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰብሩት እሱን ነው።

ወደ እማዬ ኮመዲኖ ልመለስ። አናጺው መጀመሪያ የላይኛውንና የታችኛውን መሳቢያ አወጡ። በመካከላቸው የሚለይ ሳንቃ ስላልነበረ፣ የላይኛው ሲወጣ የተጣበቀው መሳቢያ ከነዕቃው ወለል ብሎ ታየ። ካርታውን፣ የፎቶ አልበሞቹንና የታጠፉትን ነጠላዎች በዚያው በኩል አወጣን። የእማዬ ችግር እዚያው ተፈታ ማለት ይቻላል፤ መሳቢያው ራሱ ገና ቢሆንም ክብደቱ ቀሏል።

ሁለት ቀን እንዲሁ ክፍት ሆኖ ይቆይ አሉ። ኮመዲኖውን ከግድግዳው አርቀን፣ ከጀርባው የተመታውን ኮምፔንሳቶ በጥንቃቄ ነቀልነው። ግድግዳውን ተለጥፎ የቆመ የቤት ዕቃ ጀርባው ከፊቱ ይልቅ እርጥበት ይይዛል። በሁለተኛው ቀን ማታ የፀጉር ማድረቂያውን ለብ ባለው ሙቀት፣ ሁለት ስንዝር ያህል አርቄ፣ የጎኖቹን የላይ ጠርዝ እያዘዋወርኩ አናፈስኩበት። ከሰል አቀጣጥሎ አጠገቡ ማስቀመጥ ግን አይታሰብም። በአንድ በኩል በተዘጋ ክፍል ጭሱ ይገድላል፤ በሌላ በኩል እንጨቱን አንድ ወገኑን ብቻ አድርቆ ያጣምመዋል።

በሦስተኛው ቀን አናጺው ከጀርባ ሆኑ፣ እኔ ከፊት። አንዲት ቁራጭ ጣውላ የጎኑና የኋላው ሳንቃ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ አስደግፈው በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለው መቱ። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። መሃሉን አይመቱም፣ የኋላ ሳንቃው ይሰነጠቃልና። ወለሉንም አይነኩትም። እኔ ሁለቱን ዳር ይዤ የፊት ሳንቃው ከኮመዲኖው ጋር እኩል መውጣቱን እየጠበቅሁ፣ አንዱ ሲቀድም «ቀኙን» ወይም «ግራውን» እላለሁ። በእያንዳንዱ ምት ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በታች ይሄድ ነበር። እጅ ለማስገባት የሚበቃ ሲወጣ ቀሪውን እያነሳሁ ሳብኩት።

መጀመሪያ የተላቀቀውን ማዕዘን ኮላ ቀብተው በሞርሳ አሠሩትና እስከ ማግስቱ ተውት። በማግስቱ መላጊያውን ከማንሳታቸው በፊት የእህቴን ልጅ ጠመኔ ጠየቁ። የጎኖቹንና የፊት ሳንቃውን የላይ ጠርዝ በሰማያዊ ጠመኔ ቀብተው መሳቢያውን እስከሚሄድበት ድረስ ገፉት፣ መልሰው አወጡት። ጠመኔው የተፋቀበት ቦታ እንጨቱ የሚነካበት ቦታ ነው። በግራው ጎን የኋላው ግማሽና በፊት ሳንቃው ላይ ሙሉ በሙሉ ተፍቆ ነበር፤ በቀኝ በኩል አልፎ አልፎ ብቻ። የላጉትም እዚያ ብቻ ነው፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ እያወጡ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በላጉ ቁጥር እንደገና ጠመኔ እየቀቡና እየሞከሩ። በጠቅላላው ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም ያለፈ አልወሰዱም።

እኔ ትንሽ ይጨምሩ ዘንድ ለመንኳቸው። አልፈቀዱም። በክረምት ጉሮሮ፣ እንጨቱ እስከቻለው አብጦ እያለ የሚላግ መሳቢያ፣ ልክ ሲሄድ መቆም አለበት፤ ክፍተቱን በጋው ራሱ ይጨምርለታል። በጥር የሚሠራ ሰው ግን ለዚህ ቁመት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር መተው ይኖርበታል። እንጨቱም ይለያያል። የፊት ሳንቃው ዋንዛ ነው፣ ብዙም አይለዋወጥም። ጎኖቹ ግን ከዓይን የተሸሸጉ ስለሆኑ ከባሕር ዛፍ ተሠርተዋል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከዋንዛ እጅግ የበለጠ ያብጣል፣ ይኮማተራልም።

ካቻምና ለተላጉት ጎኖች ኮመዲኖው ውስጥ፣ መሳቢያውን ከግራና ከቀኝ በሚመሩት ጣውላዎች ላይ፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን የዋንዛ ልጣጮች በኮላ ለጠፉ። ከዚያ በኋላ በአንድ እጀታ ቢሳብም አይጣመምም። የተላጉትን ጠርዞችም፣ ከዚህ ቀደም ምንም ያልተቀቡትን የመሳቢያውን የውስጥ ፊቶችም በአልኮል የተሟሟ ጎማላካ አንድ ጊዜ ቀቧቸው። እርጥበትን ጨርሶ አያስቆምም፣ ያዘገየዋል። የዘይት ቫርኒሽ ያልቀቡት ሽታው ልብስ ላይ ለወራት ስለሚቆይ ነው።

መጨረሻ ላይ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን የጧፍ ቁራጭ አቀበለቻቸው። አመስግነው መለሱላትና መብራት ሲጠፋ የምናበራውን ነጭ ሻማ ጠየቁ። ጧፍ የንብ ሰም ነው፤ እጅ ላይ እንደሚያጣብቅ እንጨት ላይም ትንሽ ይይዛል። የሱቁ ሻማ ፓራፊን ስለሆነ ደረቅና አንሸራታች ነው። መሳቢያው የሚሄድበትን ጣውላና የጎኖቹን የታች ጠርዝ እስኪያብረቀርቁ ድረስ በሻማው አሹ። ዘይትም ሆነ ቅባት እንዳናስነካው አስጠነቀቁን፤ እንጨቱ ይጠጣዋል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ቆይቶም እንደ ሙጫ ይሆናል። ሳሙናም እርጥበት ስለሚስብ በክረምት ጊዜ ወዳጅ አይደለም።

ጥር ላይ ለጥምቀት ስሄድ ማስመሪያ ይዤ ሄድኩ። ከላይ ያለው ክፍተት ከ2 ሚሊ ሜትር ትንሽ በለጥ ብሏል፤ ከጎን ግን ነሐሴ ላይ እንደነበረው ነው። እማዬ ካርታውን አሁን የምታስቀምጠው በላይኛው መሳቢያ ነው።