አዛውንቶችን መጠየቅ

ብቻን መኖርና ብቸኝነት አንድ አይደሉም። ብቻቸውን እየኖሩ ደስ ብሏቸው የሚውሉ አዛውንቶች አሉ። ልጅና የልጅ ልጅ በሞላበት ቤት ጥግ ይዘው ተቀምጠው የሚያጫውታቸው ያጡም አሉ። ጆሮ ሲደክም፣ ዓይን ሲፈዝ፣ እኩያ ሲሞት ሰው ከጨዋታ እየራቀ ይሄዳል። ምግብ ይቀርብለታል፤ ወሬ የሚያካፍለው ግን የለም።

ታዲያ ብቸኝነትን በምን እናውቃለን? አጥኚዎች ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። «አጫዋች አጣሁ የሚሉት ምን ያህል ጊዜ ነው? ሰዎች ትተውኛል የሚሉትስ? ከሰው ተለይቻለሁ የሚሉትስ?» መልሱ «እምብዛም» ከሆነ 1፣ «አንዳንዴ» ከሆነ 2፣ «ብዙ ጊዜ» ከሆነ 3 ይጻፋል። ከዚያ ይደመራል። አንዲት እናት ለመጀመሪያው «ብዙ ጊዜ»፣ ለሁለቱ «አንዳንዴ» ቢሉ 3 እና 2 እና 2፣ 7 ይሆናል። ትንሹ ድምር 3፣ ትልቁ 9 ነው። ድምሩ ከፍ ባለ ቁጥር ብቸኝነቱ ይከፋል።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ፣ አንድ ሙከራ ተደረገ። ምግብ እቤታቸው ድረስ የሚላክላቸው 240 ሰዎች ተመረጡ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 65 ዓመት የሞላቸው ነበሩ። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለግማሾቹ ስልክ ተደወለላቸው፤ ለግማሾቹ አልተደወለላቸውም።

ደዋዮቹ ሐኪሞች አልነበሩም። ከ17 እስከ 23 ዓመት የሆናቸው፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ 16 ወጣቶች ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት በየቀኑ ደወሉ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚደወል የመረጡት ባለቤቶቹ ናቸው። ወጣቶቹ ምክር አላበዙም። ሰውየው ስለ ዶሮ ካነሳ ስለ ዶሮ፣ ስለ ልጅነቱ ካነሳ ስለ ልጅነቱ እየጠየቁ አዳመጡ።

ከአራት ሳምንት በኋላ ሦስቱ ጥያቄዎች እንደገና ተጠየቁ። የተደወለላቸው ሰዎች ድምር በአማካይ ከ6 ተኩል ወደ 5 ገደማ ወረደ። ጭንቀታቸውና የመንፈስ ድብርታቸውም ቀነሰ። ያልተደወለላቸው ግን ብዙም አልተለወጡም።

ይህ ሙከራ የአንድ ወር ብቻ ነው። ጠያቂው ሲቀር ብቸኝነቱ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን ረጅም ሰዓት ተቀምጦ ከመጥፋት፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ በተባለው ቀን መምጣት ይሻላል። ጆሯቸው ለደከመ ሰው ስልክ አይሆንም፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሳይቸኩሉ ማውራት ነው። ዓይናቸው ለፈዘዘም የዓይን ሞራ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል፤ ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

እህል የጠሉ፣ እንቅልፍ ያጡ፣ «ሞት በወሰደኝ» እያሉ የሚደጋግሙ አዛውንት ካሉ ግን ጨዋታ ብቻውን አይበቃቸውም። ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይወሰዱ።