አጎቴ «ሃምሳ ከመቶ»ን ሲሰማ

ጽሑፉ ሁለት ገጽ ነበር። አንድ የሚቲዮሮሎጂ ባለሙያ የክረምት ዝናብ ትንበያ እንዴት እንደሚነበብ ለተራው ሰው ሊያስረዳ የጻፈው ነው። ታሪኩን ያስያዘው ከ2007 ዓ.ም. ክረምት ጋር ነው። በዚያ ክረምት ኤልኒኖ በርትቶ ዝናቡ ብዙ ቦታ ከዳ፤ ታኅሣሥ 2008 ላይ የዕለት ደራሽ ምግብ የሚያስፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ተነገረ። የእኔ ድርሻ ከጽሑፉ ግርጌ የምትገባ ትንሽ የቃላት መፍቻ ማዘጋጀት ነበር።

እርሳስ ይዤ ከበድ ያለኝን ቃል ሁሉ ሳሰምርበት ሃያ ሰባት ሆነ። ሃያ ሰባት ቃል የሚፈታ መፍቻ ከጽሑፉ ሊረዝም ምን ቀረው? ስለዚህ በእያንዳንዱ ቃል ላይ አንድ ጥያቄ አነሣሁ፦ አንባቢው ይህችን ቃል ባያውቃት መልእክቱ ይጠፋበታል ወይስ አልፏት መሄድ ይችላል? አልፏት የሚሄድ ከሆነ ሰረዝኳት። በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ቀሩ። ከተሰረዙት መካከል «መደበኛ» እና «ዕድል» ነበሩ፤ እነዚህንማ ማን አያውቅም ብዬ።

የባዕድ ቃል ፈተናው ቀላል ነው። ኤልኒኖን እንዲህ ጻፍኩት፦ «በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከልና ምሥራቅ፣ በምድር ወገብ ዙሪያ፣ የባሕሩ ገጽ ለወራት ከወትሮው ሲሞቅ የሚሰጠው ስም። ከጽሑፉ፦ በ2007 ኤልኒኖ ስለበረታ በሰሜንና በመሃል አገር የክረምቱ ዝናብ አነሰ።» አለቀ። አንባቢው ቃሉን እንደማያውቀው ስለሚያውቅ መፍቻውን ፈልጎ ያነባል።

«የአየር ንብረት» ግን አሳፈረኝ። የመጀመሪያ ሙከራዬ «የአንድ አካባቢ የረጅም ጊዜ የአየር ንብረት ሁኔታ» የሚል ነበር፤ ውሻ ጅራቱን ሲያሳድድ ማለት ነው። መፍትሔ ያገኘሁት ከቃሉ ከራሱ ነው። «ንብረት» ዛሬ ቤትና ከብት ሆኖብን ነው እንጂ ሥሩ «ነበረ» ነው፤ በግዕዝ መቀመጥን፣ አኗኗርን ያመለክታል። እንግዲያው የአየር ንብረት የአየሩ አኗኗር ነው። ዛሬ ጃንጥላ ልያዝ አልያዝ የሚያሰኘው የአየር ሁኔታ ነው፤ እዚህ አገር ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ ነው የሚያሰኘው ደግሞ የአየር ንብረት። መፍቻው ላይ የገባው «የአንድ አካባቢ አየር ለብዙ ዓመታት፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ30 ዓመት፣ ተመዝግቦ ሲታይ የሚገኘው ጠባይ» የሚለው ነው።

«መላመድ»ም አስቸግሮኛል። ባለሙያው ሊል የፈለገው ዝናቡ ሲለዋወጥ ዘርንና የዘር ጊዜን፣ የውኃ አያያዝን መቀየር ነው። በቤታችን አማርኛ ግን «ችግሩን ተላመደው» የሚባለው እጁን አጣጥፎ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ትርጉሙ ልክ ተቃራኒው ሆኖ ቁጭ። ቃሉን መለወጥ አልቻልኩም፣ ጽሑፉ ውስጥ አምስት ቦታ አለ። ስለዚህ መፍቻውን «ችሎ መኖር ማለት አይደለም» ብዬ ጀመርኩ። መፍቻ በ«አይደለም» መጀመር የለበትም የሚሉ አሉ። አንባቢው የተሳሳተ ትርጉም ይዞ ሲመጣ ግን መጀመሪያ እሱን ማስጣል ይሻላል ባይ ነኝ።

ሥራው ያለቀ መሰለኝና ሰሜን ሸዋ ገብስና ጤፍ ለሚያርሰው አጎቴ ደወልኩ። ጽሑፉን በስልክ አነበብኩለት። ባለሙያው ለምሳሌ ያህል ያስቀመጠው ትንበያ ላይ ደረስኩ፦ ከመደበኛ በታች 50 ከመቶ፣ መደበኛ 30 ከመቶ፣ ከመደበኛ በላይ 20 ከመቶ።

«ግማሹ ዝናብ ቀረ በለኛ» አለ አጎቴ።

«አይደለም ጋሼ…» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ምን እንደሆነ ልነግረው አልቻልኩም። ሃያ ሰባት ቃል አስምሬ፣ ገበሬው የሚዘራውን የሚወስንበትን ዓረፍተ ነገር ሳልፈታ ቀርቻለሁ።

ወደ ጽሑፉ ተመለስኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ቦታ የ30 ዓመት የክረምት ዝናብ መጠን በ30 ወረቀት ይጻፋል፤ ወረቀቶቹ ከትንሹ ጀምሮ እስከ ብዙው ይደረደራሉ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት «ከመደበኛ በታች»፣ የመሃሎቹ አሥር «መደበኛ»፣ የመጨረሻዎቹ አሥር «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ስለ መጪው ክረምት ምንም ፍንጭ ከሌለ ለሦስቱም ያለው ዕድል እኩል ነው፣ በግምት 33፣ 33፣ 33። ትንበያው የመጀመሪያውን ወደ 50 ከፍ ሲያደርገው ሚዛኑ ወደ ደረቁ ወገን አጋደለ ማለት ነው። ስለ ዝናቡ ግማሽ አልተናገረም። እንዲህ ያለ ትንበያ አሥር ጊዜ ቢሰጥ፣ ትንበያው ደህና ከሆነ፣ አምስቱን ጊዜ ያህል ዝናቡ ከትንሾቹ አሥር ተርታ ይወድቃል፤ አምስቱን ጊዜ አይወድቅም።

«መደበኛ» ውስጥም ሌላ ወጥመድ አገኘሁ። አንደኛው ገጽ ላይ ባለሙያው ቃሉን ለ30 ዓመቱ አማካይ ተጠቅሞበታል፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ለመሃለኛው አሥር። ሁለቱም በሙያው የተለመዱ ናቸው፣ አንድ መፍቻ ግን ለሁለቱ አይበቃም። ቃሉን ሁለት ቦታ ከፍዬ ለእያንዳንዱ ምሳሌውን ከየገጹ ወሰድኩ። ምሳሌን ከራሱ ከጽሑፉ መውሰድ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ከጭንቅላቴ ባመጣው ኖሮ ሁለት ትርጉም መኖሩን ጨርሶ ባላየሁም ነበር። ከሥሩ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «መደበኛ ማለት በቂ ማለት አይደለም፤ ጎሬ ላይ ከመደበኛ በታች የተባለ ዝናብ ሰመራ ላይ ከመደበኛ በላይ ከተባለው ሊበልጥ ይችላል።»

ለሦስቱ ክፍሎች ስም ሳፈላልግ «አንድ ሦስተኛ» ብዬ ነበር። ሳነበው የሒሳብ ደብተር ሸተተኝ። ከዚያ «ሲሶ» ትዝ አለኝ። አጎቴ ደግሞ የሰው መሬት በሲሶ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው፤ ሲሶ ስንት እንደሆነ ለሱ ማስረዳት አያስፈልግም።

በማግስቱ ደወልኩለት። አዲሱን አነበብኩ፦ «ዕድል (በዝናብ ትንበያ)፦ ዝናቡ ካለፉት 30 ዓመታት ከዝቅተኛው፣ ከመካከለኛው ወይም ከከፍተኛው ሲሶ በአንዱ የመዋሉ ነገር ከመቶ ስንት እንደሆነ የሚነግር ቁጥር። የዝናቡ መጠን አይደለም። ከጽሑፉ፦ ከመደበኛ በታች 50 ከመቶ ሲባል ዝናቡ በዝቅተኛው ሲሶ የመዋል ያለመዋሉ ነገር እኩል ነው።»

«አሁን በራስህ አፍ ንገረኝ ጋሼ» አልኩት። መፍቻን የምፈትንበት ሌላ ዘዴ የለኝም፤ «ገባህ ወይ» ብሎ መጠየቅ «አዎ» ከማስባል አያልፍም።

«ከሦስቱ ሲሶ ወደ ደረቁ አድልቷል፤ ግን ላይሆንም ይችላል» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ታዲያ መቼ ይገባል? መቼስ ይወጣል?»

ይህን ትንበያው አይናገርም። የአራቱን ወራት ድምር ነው የሚመዝነው። ዝናቡ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዘግይቶ ገብቶ በነሐሴ ጎርፍ ቢያወርድ ድምሩ «መደበኛ» ሊባል ይችላል፣ ገብሱ ግን ጊዜው አልፎበታል። በሲሶው ውስጥ የቱ ላይ እንደሚውልም፣ ጥቂት ይጉደል ብዙ፣ አይታወቅም። ስልኩን እንደያዝኩ ከመፍቻው ጫፍ ላይ በእርሳስ ጨመርኩት፦ «ዝናቡ መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚያቆምና በስንት እንደሚያንስ ይህ ቁጥር አይናገርም።»